ደመወዝ ሲዘገይ ለሠራተኛው ምን ተብሎ ይጻፋል? ጋሽ ፔይሮል ይመልሳሉ

ጋሽ ፔይሮል፦ ድሬዎች፣ ሐረሮች፣ እንዴት ዋላችሁ? ብዙ ዓመት በፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ደመወዝ ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ። ዛሬ ጥያቄው ስለ ማስታወቂያው ብቻ ይሁን። ረቂቅ ያለው ይለጥፍ፤ የድርጅቱን ስም ግን አጥፉት።

የከዚራዋ፦ ጋሼ፣ የጥቅምት ደመወዝ በጊዜው አይደርስልንም። ሥራ አስኪያጁ ይህን ጽፈሽ ሰሌዳ ላይ ለጥፊ ብሎኛል። ይታይልኝ? «ድርጅታችን ከቁጥጥሩ ውጪ በሆኑ ምክንያቶች በተፈጠረ የፋይናንስ መጨናነቅ ሳቢያ የጥቅምት ወር ደመወዝን በተለመደው ጊዜ ለመክፈል ያልቻለ በመሆኑ፣ በቅርብ ቀን የሚከፈል መሆኑን እየገለጽን፣ ሠራተኞች የተለመደ ትብብራችሁን እንድታደርጉልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ጋሽ ፔይሮል፦ አትለጥፊው። ሠራተኛው ሰሌዳው ፊት ቆሞ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ መቼ እና ስንት። እዚህ ሁለቱም የሉም። «በቅርብ ቀን» የቤት አከራይ አያስታግስም። «ከቁጥጥር ውጪ» ሲባል ደግሞ ሰው የራሱን ምክንያት ይፈጥራል፤ እስከ ማታ ድርጅቱ ተሸጧል ተብሎ ይወራል።

ግን ቃላቱን ከማስተካከላችን በፊት ንገሪኝ፤ ገንዘቡ ከየት ነው የሚመጣው? ገንዘቡ የት እንዳለ ሳታውቁ ቀን አትጻፉ።

የከዚራዋ፦ አንድ ትልቅ ደንበኛ አለብን። ሰኞ ኅዳር 1 ቼክ እሰጣለሁ ብሏል። ሥራ አስኪያጁ «ቀን ካስፈለገ ማክሰኞ በይ» አለኝ።

ጋሽ ፔይሮል፦ ማክሰኞ! ቼክ እኮ ገንዘብ አይደለም። አብረን እንቁጠር። ሰኞ ቼኩ እጃችሁ ገባ እንበል። የሌላ ባንክ ቼክ ከሆነ ተጣርቶ ሒሳባችሁ ላይ እስኪታይ አንድ ሁለት የሥራ ቀን ይፈልጋል፤ ረቡዕ ኅዳር 3 ሆነ። ከዚያ የደመወዝ ዝርዝሩና የባንክ ደብዳቤው በሁለት ፈራሚ ይፈረማል። ሁለተኛው ፈራሚ አዲስ አበባ ከሄደ ሌላ ቀን ሄደ። ሐሙስ ደብዳቤው ባንክ ገባ። ባንኩ በየሠራተኛው ሒሳብ ያስገባል፤ አንድ የሒሳብ ቁጥር ከተሳሳተ ዝርዝሩ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ሁሉም ነገር ቢሳካ ዓርብ ኅዳር 5 ነው። የቱም ቢንሸራተት ዓርብ የለም።

እኔ ብሆን ሰኞ ኅዳር 8 ብዬ እጽፋለሁ። ዓርብ ከገባ ማንም አይከፋም።

አሁን ዋናው ነገር። ደንበኛው ሰኞ ቼኩን ባይሰጥስ? ኅዳር 8ን በእርግጠኝነት መጻፍ የሚቻለው ደንበኛው ባይከፍልም ገንዘቡ የሚመጣበት ሁለተኛ በር ካለ ነው። ወይ ባለቤቱ ከራሱ ያስገባል፣ ወይ ባንኩ ሒሳባችሁ ላይ ካለው በላይ እንድታወጡ የፈቀደላችሁ ኦቨርድራፍት አለ። በቃል ሳይሆን አስኪያጁ በፊርማ ያረጋግጥልሽ። ሁለተኛ በር ከሌለ ሙሉ ደመወዝ ብላችሁ አትማሉ። እጃችሁ ላይ ያለውን ግማሽ በሰዓቱ ክፈሉ፤ ቀሪውን ብቻ አራዝሙ።

ሳቢያን 04፦ ሰኞ ማለት እኮ ሰው አንድ ተጨማሪ ቅዳሜና እሁድ ያለ ብር ይዋል ማለት ነው። ዓርብ ብሎ መሞከር አይሻልም? አቦ ጋሼ፣ ባንክ ቤት ሳይሆን ሰው ቤት ሆነው ያስቡት።

ጋሽ ፔይሮል፦ ገብቶኛል። ግን ዓርብ ብለህ ዓርብ ካልገባ፣ ያ ሰው ቅዳሜ እከፍላለሁ ብሎ ከሱቅ በዱቤ ወስዷል። አሁን ያንተም የሱም ቃል ወደቀ ማለት ነው።

ሳቢያን 04፦ አልተስማማሁም፤ ግን ይሁን።

አንቀጽ በአንቀጽ፦ ማስታወቂያ ምን ያደርጋል? በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ደመወዝ ያዘገየ አሠሪ የሦስት ወር ደመወዝ ይቀጣል። እሱን ጻፉበት።

ጋሽ ፔይሮል፦ ግማሹ ልክ ነው። እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚለው የሥራ ውሉ ለተቋረጠ ሰው ነው፤ ሒሳቡ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ሳይከፈለው ሲቀር። ሥራ ላይ ላለ ሠራተኛ ለዘገየ ደመወዝ አይደለም። ይህን ሰሌዳ ላይ ብትለጥፉ ራሳችሁ ላይ ክስ ትጋብዛላችሁ።

ካነሳኸው አይቀር አንድ ጠቃሚ ነገር እዚያው አዋጅ ውስጥ አለ። የክፍያው ቀን እሁድ ወይም በዓል ላይ ከዋለ፣ ክፍያው ከዚያ በፊት ባለው የሥራ ቀን ነው። ዘንድሮ ጥቅምት 30 እሁድ ነው። ቅዳሜ የምትሠሩ ከሆነ ደመወዙ የሚጠበቀው ቅዳሜ 29 ነው። ማስታወቂያው ከዚያ በፊት መውጣት አለበት፤ ሰው ቅዳሜ ኤቲኤም ቆሞ ማወቅ የለበትም።

የጀጎሏ፦ እኔስ ጋሼ? ሐረር የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ነው የምሠራው። ሁለት ወር አልተከፈለኝም። ማስታወቂያም የለም፤ «ጠብቂ» ብቻ ነው።

ጋሽ ፔይሮል፦ እህቴ፣ ይህ ሌላ ጉዳይ ነው። ዛሬውኑ በጽሑፍ ጠይቂና ኮፒውን ያዢ። ያልተከፈለ ደመወዝ የመጠየቅ መብት መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ይርጋ ይታገዳል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያየው የክልሉ ቢሮ ሂጂ።

ደቻቱ፦ ቀን ባይጻፍስ? «ሁኔታው ሲስተካከል» ቢባል አይሻልም?

ጋሽ ፔይሮል፦ አይሻልም። ከላይ አንብብ።

ታይዋን ሰፈር፦ ምክንያቱን ግን እስከ ምን ድረስ ነው የምንናገረው? «ደንበኛ አልከፈለንም» ካልን አቅራቢዎች ይሰሙና ዱቤ ይከለክሉናል። ድሬ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከዚራ የተወራ ወዲያው መጋላ ይደርሳል።

ጋሽ ፔይሮል፦ የደንበኛውን ስም አትጻፉ፤ የገንዘቡንም መጠን አትጻፉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ግን እውነት ይሁን። የባንክ ሲስተም ተበላሸ ብላችሁ ከዋሻችሁ፣ የአንዱ ሠራተኛ እህት እዚያው ባንክ ትሠራለች።

ሳቢያን 04፦ እውነቱን መናገር ጥሩ ነው፣ ግን የተማሩት ሠራተኞች ወዲያው ሌላ ሥራ መፈለግ ይጀምራሉ። እኛ ጋ ሁለት ቴክኒሻን እንደዚያ ሄዱ።

ታይዋን ሰፈር፦ ሳይነገራቸውም ይሄዱ ነበር።

ሳቢያን 04፦ ያንን ማን ያውቃል?

ጋሽ ፔይሮል፦ እዚያው ተከራከሩ። የከዚራዋ፣ አስኪያጁ ምን አለ?

የከዚራዋ፦ ባለቤቱ ደንበኛው ባይከፍል እስከ ዓርብ ከራሱ ሒሳብ እንደሚያስገባ ፈርሟል። ለቸገረው ሰውም ከካዝና እስከ 2,000 ብር ቅድሚያ ይሰጥ ብሏል። አሁን ምን ልጻፍ?

ጋሽ ፔይሮል፦ አሁን ማስታወቂያ መጻፍ ይቻላል። እንዲህ ይሁን፦

> ጥቅምት 27 ቀን 2018
> ለሁሉም ሠራተኞች
>
> የጥቅምት ደመወዝ ቅዳሜ ጥቅምት 29 አይከፈልም። ሰኞ ኅዳር 8 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ሙሉው በባንክ ሒሳባችሁ ይገባል። የትርፍ ሰዓት ክፍያም አብሮ ይገባል።
>
> የዘገየው አንድ ደንበኛ ክፍያውን በጊዜው ስላልፈጸመልን ነው። ስለ መዘግየቱ ይቅርታ እንጠይቃለን።
>
> እስከዚያ የግድ ገንዘብ የሚያስፈልገው ሠራተኛ ከደመወዙ የሚታሰብ እስከ 2,000 ብር ከሒሳብ ክፍል መውሰድ ይችላል። ከነገ ዓርብ ጠዋት ጀምሮ ይሰጣል።
>
> ረቡዕ ኅዳር 3 ከሰዓት በኋላ ጉዳዩ የደረሰበትን በዚሁ ሰሌዳ እናሳውቃለን።
>
> ሥራ አስኪያጅ (ስም፣ ፊርማ፣ ማህተም)

መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መጥፎውን ዜና ሳያለሳልስ ይናገራል፤ ሁለተኛው ቀኑን ይሰጣል። የዕለቱን ስም ከቀኑ ጋር የጻፍኩት ሰው «ሰኞ» የሚለውን ስለሚይዝ ነው። «ትብብራችሁን» የሚለውን አውጥቼዋለሁ፤ ሳይከፈለው የሚሠራ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይተባበር? ስሙ የሥራ አስኪያጁ ይሁን፤ የአንቺ ከሆነ ስድቡ ሁሉ ላንቺ ነው።

የረቡዑን መስመር እንዳትቆርጪው። ደንበኛው ባይከፍል እንኳ ለጥፊ፤ «ገንዘቡ እስካሁን አልገባም፤ ኅዳር 8 ግን አልተለወጠም» በይ። ዝም ካላችሁ ሰው ቀኑ ቀርቷል ይላል። ደግሜ እላለሁ፤ ገንዘቡ የት እንዳለ ሳታውቁ ቀን አትጻፉ።

የከዚራዋ፦ አስኪያጁ «ይህ መዘግየት ዳግም አይከሰትም» የሚል ጨምሪ ይላል።

ጋሽ ፔይሮል፦ የኅዳር ደመወዝ ገንዘብ ዛሬ ባንክ አለ? ከሌለ አይጻፍ።

ገንደ ቆሬ፦ እኛ ጋ ግማሹ ሠራተኛ አማርኛ አያነብም። ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚናገር ነው።

ጋሽ ፔይሮል፦ በሦስቱም ቋንቋ ለጥፉ። ፈረቃ ሲገባ ደግሞ የፈረቃ ኃላፊው ጮክ ብሎ ያንብብ። ቀኑና ሰዓቱ በሦስቱም አንድ መሆኑን ሌላ ሰው ያመሳክር። አንዱ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሌላው ላይ በኛ ከሆነ ሁለት የተለያየ ቀን ይነበባል።

አዲስ ገቢ፦ ቴሌግራም ይሻላል ወይስ ሰሌዳ?

ጋሽ ፔይሮል፦ ሁለቱም። ያው ጽሑፍ፣ በተመሳሳይ ሰዓት።

አንቀጽ በአንቀጽ፦ ከደመወዙ የሚቆረጠው ግብርና ጡረታስ? ዘግይቶ ቢገባ ችግር አለው?

ጋሽ ፔይሮል፦ የራሱ የጊዜ ገደብ አለው፤ ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን። አንድ ነገር ብቻ፦ ከሠራተኛው የቆረጣችሁትን ገንዘብ ለደመወዝ ማሟያ አትንኩት። የናንተ አይደለም።

ደቻቱ፦ ጋሼ፣ የሰጠነው ቀን ራሱ ቢያልፍስ? ይህን ከላይ አላየሁም።

ጋሽ ፔይሮል፦ አሁን ጥያቄ ጠየቅክ። እንደማይደርስ ባወቃችሁበት ሰዓት ለጥፉ፤ ቀኑ እስኪመጣ አትጠብቁ። ሁለተኛውን ማስታወቂያ ግን አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰብስቦ በአፉ ይናገር፤ ወረቀቱ ከዚያ ይከተል። እጃችሁ ላይ ያለውን ያህል ያን ዕለት ክፈሉ፤ ለሁሉም እኩል መቶኛ ወይም ዝቅተኛ ተከፋዩን ቀድሞ።

ሳቢያን 04፦ ዝቅተኛ ተከፋዩን ማስቀደም ነው ትክክሉ። ጥበቃዋና ኢንጂነሩ እኩል አይቸገሩም።

ታይዋን ሰፈር፦ ኢንጂነሩም ቤት ኪራይ አለበት። እኩል መቶኛ ካልሆነ ጠብ ነው የሚሆነው።

ጋሽ ፔይሮል፦ ሁለቱንም ሠርቼበታለሁ፤ በሁለቱም ተሰድቤያለሁ። የከዚራዋ፣ የባንክ ደብዳቤውን ቀን ሳትጽፊበት ዛሬውኑ አስፈርሚው፤ ሁለተኛው ፈራሚ ረቡዕ የት እንደሚሆን አታውቂም።