ስዕል ባትችሉም የማሳደዱን ትዕይንት ወረቀት ላይ ጨርሱት

ውድ ልጆቼ፣

የመመረቂያ ፊልም የሚሠሩ ተማሪዎች «ከእኛ መሃል ስዕል የሚችል ስለሌለ ስቶሪቦርዱን ትተነዋል» ሲሉኝ እሰጋለሁ። ስቶሪቦርድ እኮ እያንዳንዱ ሾት ምን እንደሚያሳይ በየሳጥኑ የሚነደፍበት ወረቀት ነው። ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ የሚያወራበት ትዕይንት ከሆነ ያለ ስቶሪቦርድም ይወጣላችኋል። ማሳደድ ግን ተቆራርጦ፣ ቅደም ተከተሉ ተዘበራርቆ ነው የሚቀረጸው። ስለዚህ ተመልካቹ ሁለት ነገር እንዳይጠፋበት አስቀድማችሁ ማሰብ አለባችሁ፦ ማን ወደየት እየሮጠ ነው? በመሃላቸውስ ምን ያህል ርቀት አለ? ለሁለቱም ቆንጆ ስዕል አያስፈልግም።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ አንድ ልጅ የአንዲትን ወጣት ስልክ ነጥቆ ይሮጣል፤ እሷም ትከተለዋለች። ከግቢው በር ተነስተው በሁለት ብሎኮች መሃል ያልፋሉ፣ ደረጃ ይወጣሉ፣ መጨረሻው ልብስ የሚሰጣበት ቦታ ነው።

መጀመሪያ ቦታው ድረስ ሄዳችሁ ግቢውን ከላይ እንደሚታይ አድርጋችሁ ንደፉት። ብሎክ ማለት አራት ማዕዘን ነው፤ ይህን የማይችል የለም። የሌባውን መንገድ በቀይ፣ የእሷን በሰማያዊ አስምሩ። ካሜራ የሚቆምበትን ቦታ ሁሉ በትንሽ «V» አመልክቱ፤ ክፍት ጎኑ ካሜራው የሚያይበት ነው። አሁን ንድፉን ተመልከቱ። ካሜራዎቹ ሁሉ ከሩጫው መስመር በአንድ ወገን ከሆኑ ሌባው በሁሉም ሾት ከግራ ወደ ቀኝ ይሮጣል። አንዷ «V» ተሻግራ ከሄደች ግን በዚያ ሾት ከቀኝ ወደ ግራ ይሮጣል፤ ተመልካቹም ልጁ ተመልሶ ወደ አሳዳጁ የመጣ ይመስለዋል። ይህን ኤዲቲንግ ላይ ከማግኘት ወረቀት ላይ ማግኘት ይሻላል። ያቺ ሾት የግድ ከሆነች ከእሷ በፊት ሌባው በቀጥታ ወደ ካሜራው የሚመጣበትን ሾት አስገቡ፤ ወይም ጥግ ላይ ሲታጠፍ እዚያው ፍሬም ውስጥ አሳዩት።

ከዚያ ወደ ስቶሪቦርዱ ሳጥኖች ግቡ፤ ለእያንዳንዱ ሾት አንድ ሳጥን። 8 ሴንቲ ሜትር በ4.5 ብታደርጓቸው ከ16፡9 ፍሬም ጋር ይገጥማሉ። ሰው ማለት ክብ ራስና አምስት መስመር ነው። ሌባውን ጥቁር ቀቡት፣ እሷን ባዶ ተዉአት፤ ከዚያ በኋላ ማን ማን እንደሆነ የሚጠይቅ አይኖርም። የሾቱን ስፋት በቁመታቸው ግለጹ፤ ዋይድ ከሆነ የሳጥኑን ሩብ ያክሉ፣ ክሎዝ አፕ ከሆነ ራሱ ብቻ ሳጥኑን ይሙላው። የሯጩን ቀስት ሳጥኑ ውስጥ፣ የካሜራውን ቀስት ከሳጥኑ ውጪ አድርጉ።

ብዙ ቡድን የሚዘነጋው ርቀቱን ነው። ከእያንዳንዱ ሳጥን ሥር በመሃላቸው ያለውን ርቀት በእርምጃ ጻፉ። በእኛ ምሳሌ 20፣ 12፣ 5 እያለ ዝም ብሎ ከወረደ መያዙ ከወዲሁ ይታወቃል፣ ጉጉቱም ይሞታል። ስለዚህ ደረጃው ላይ ጀሪካን የተሸከሙ እናት ሲወርዱ መንገድ ይዘጉባትና 5 የነበረው 15 ይሁን፤ ከዚያ ልብሱ መሃል ድንገት 2። ቁጥሮቹን ብቻ ተከታትላችሁ ስታነቡ ውጥረቱ የት እንደላላ ይታያችኋል። ሌንሱም ርቀቱን ይለውጠዋል። ራቅ ብላችሁ በረጅም ሌንስ ከፊት ስትቀርጿቸው ልትይዘው የደረሰች ያህል ተጠግታው ትታያለች፤ ቀረብ ብላችሁ በሰፊ ሌንስ ስትቀርጹ ያው ርቀት ይለጠጣል። ስለዚህ የትኛውን ሌንስ እንደምትጠቀሙ ከቁጥሩ አጠገብ ጻፉት።

ሳጥኖቹ ሲያልቁ ሁለት ጓደኞቻችሁን ይዛችሁ ወደ ግቢው ተመለሱ። በየካሜራው ቦታ ሩጫውን አስመስለው ይቁሙ፤ እናንተ ስልኩን አግድም ይዛችሁ ፎቶ አንሱ። ደረጃ ላይ አታስሩጧቸው፣ መቆም ይበቃል። ፎቶዎቹን ስልክ ላይ ባለ ማንኛውም የቪዲዮ ኤዲቲንግ መተግበሪያ እያንዳንዳቸውን ለ2 ሰከንድ ደርድሩና ስክሪፕቱን ላላነበበ ሰው ያለ ድምፅ አሳዩ። ሌባው ወደየት እየሄደ እንደሆነና ማን እንደቀረበ ጠይቁት። የተደናገረበትን ፎቶ ቀይሩ። ይህ ዘዴ የእግሩን ፍጥነትና የትንፋሹን ድካም አያሳያችሁም፤ እሱ የቀረጻው ቀን ሥራ ነው።

የቀረጻ ዕቅድ ስታወጡ ከአንድ ቦታ የሚነሱትን ሾቶች አንድ ላይ ሰብስቡ። ለምሳሌ 3ኛውና 9ኛው ሾት ከአንድ ጥግ ከሆኑ ተከታትለው ይቀረጻሉ። የልጅቷ ሻርፕ 6ኛው ሾት ላይ የሚወድቅ ከሆነ ግን 3ኛው ላይ አንገቷ ላይ ነው፣ 9ኛው ላይ የለም። ይህንንም ከሳጥኑ ሥር ጻፉት፤ ልብስ የሚይዘው ልጅም የወረቀቱ ኮፒ በእጁ ይኑር።