ለደንበኛሽ ብሎግ ከመሸጥሽ በፊት

ባለፈው እሁድ ቡና ላይ ቁጭ ብለን የእህቴ ልጅ "ጋሼ፣ አንድ ሳይት እየሰራሁ ነው፣ ብሎግም ልጨምርለትና በወር 8 ፖስት እየጻፍኩ ላስከፍለው አስቤያለሁ፣ 8 ይበዛል እንዴ?" አለችኝ። እኔ ዝም አልኩ። ቅር ሳይላት አልቀረም መሰለኝ፣ ግን 8 የሚለው ቁጥር አንድ የቆየ ነገር ስለቀሰቀሰብኝ ነው። ያኔ ያልመለስኩላትን እዚህ ልጻፈው፣ በዚህ ስራ ላይ ያላችሁ ሌሎቻችሁም ታነቡታላችሁ።

በ2006 ዓ.ም ካዛንቺስ አካባቢ 2 መኪና ብቻ ያላት ትንሽ የአስጎብኚ ድርጅት ሳይት ሰራሁ። ባለቤቷን እትዬ ነበር የምላቸው። ሳይቱን ዎርድፕረስ ላይ ሰርቼ ሳበቃ "ብሎግ ከሌለው ጉግል አያውቀውም፣ በወር 8 ፖስት ያስፈልጋል" አልኳቸው። 8ን ከየት እንዳመጣሁት ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም፣ በሳምንት 2 ሲባል ጥሩ ይመስላል፣ ለኔም የማይቋረጥ ገቢ ነበር። እሳቸውም አመኑኝ። አንድ ጎበዝ ልጅ ቀጠርኩ፣ እሱ ይጽፋል፣ እኔ አርሜ እለጥፋለሁ። ያኔ ኢንተርኔታችን ኢቪዲኦ ዶንግል ነበር፣ የላሊበላን 6 ፎቶ ለመጫን ማታ ጀምረን እንተኛና ጠዋት ተነስተን አራተኛው ላይ ቆሞ እናገኘዋለን፣ እሱን ትዕግስት ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል።

ልጁ ታህሳስ ላይ ስለ ጎንደር ጥምቀት ጻፈ። ጥሩ ጽሁፍ ነበር፣ ከተራውን፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር የሚወርዱበትን፣ ሌሊቱን የሚቆየውን ማህሌት፣ ጠዋት ውሃው ተባርኮ ህዝቡ ላይ ሲረጭና ወጣቶቹ ሲዘሉ፣ ሁሉንም አስቀምጦታል። ቀኑን ሲጽፍ በፈረንጆቹ "ጃንዋሪ 19፣ አንዳንድ ዓመት 20" ብሎ ነበር። እኔ በዚያ ምሽት ሌላ ፖስትም ማውጣት ነበረብኝና ቸኩዬ "አንዳንድ ዓመት 20" የምትለዋን ቆረጥኳት። "በየዓመቱ ጃንዋሪ 19" ብዬ ለጠፍኩት። ገና በየዓመቱ ጃንዋሪ 7 ከሆነ ጥምቀትም አይቀየርም ብዬ ነው፣ ሳላጣራ።

እዚህ ላይ የማታውቁ ካላችሁ እወቁት። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ 6 ትሆናለች፣ ስለዚህ የሚቀጥለው ዘመነ ዮሐንስ አንድ ቀን ዘግይቶ በሴፕቴምበር 12 ይገባል፣ መስቀል 28 ይውላል፣ ጥምቀት ደግሞ ጃንዋሪ 20። ገና የማይነቃነቀው በዚያ ዓመት ታህሳስ 28 ስለሚከበር ነው። ልጁ ይሄን ያውቅ ነበር፣ የደብተራ ልጅ ነው።

ከ4 ወር በኋላ ልጁ የተሻለ ስራ አግኝቶ ሄደ። እትዬ ግን 8ቷ እንዳትጓደል ማታ ማታ ከስራ በኋላ ራሳቸው መጻፍ ጀመሩ። እንኳን አደረሳችሁ፣ አዲስ መኪና ገዛን፣ ቡና የኢትዮጵያ ነው፣ እንዲህ እንዲህ እያሉ። በ14 ወር 61 ፖስት ደረስን፣ ከዚያ ደከማቸውና ቆመ። ማናችንም ወደ ኋላ ተመልሰን አንድ ፖስት አላየንም፣ ሁልጊዜ የምናየው የሚቀጥለውን ነው።

ጥር 2008 ዘመነ ዮሐንስ ነበር። ከአውሮፓ የመጡ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ያቺን የጥምቀት ፖስት አንብበው የአውሮፕላን ትኬታቸውን ራሳቸው ቆርጠዋል፣ ከእትዬ የጠየቁት ለጃንዋሪ 18 እና 19 መኪናና አስጎብኚ ብቻ ነው። በ19 ከለሊቱ 10 ሰዓት ተነስተው ፋሲል ሄዱ፣ ገንዳው ሞልቷል፣ ሰው ግን የለም፣ ሁለት ሰዎች አጥር ያቆማሉ። አስጎብኚው ልጅ "ዛሬ እኮ ከተራ ነው፣ ጥምቀት ነገ ነው" ሲላቸው ሴትየዋ ስልኳን አውጥታ የኛን ፔጅ አሳየችው። በረራቸው በ20 ጠዋት ነው፣ በዚያው ማታ ደግሞ ወደ አገራቸው። ትኬት ለመቀየር ሞከሩ፣ በጥምቀት ሰሞን ከጎንደር የሚወጣ ወንበር ከየት ይገኛል። ከሰዓት ከተራውን አዩ፣ በማግስቱ ግን ውሃው ሲረጭ እነሱ አዘዞ ኤርፖርት ነበሩ።

እትዬ የመኪናውንም የአስጎብኚውንም ሂሳብ መለሱላቸው። ከዚያ ደወሉልኝ። አልጮሁም፣ "ልጄ፣ ይሄን ቀን ማነው የጻፈው?" ብቻ አሉኝ። እኔም "ያ የሄደው ልጅ ነው" አልኩ። ፖስቱ ላይ ያለው ስም የእሱ ነበር፣ ዎርድፕረስ ደግሞ ያረምኩትን ሁሉ ሪቪዥን ብሎ አስቀምጦታል፣ ከፍቼ አየሁት፣ የእሱ ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር እዚያው አለ። መልሼ ደውዬ እውነቱን አልነገርኳቸውም። ልጁን ከ3 ዓመት በኋላ ቦሌ አግኝቼው ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ለእትዬ የነገርኳቸው ግን እጅግ ዘግይቼ ነው። እስከዛሬ የሚቆረቁረኝ ይሄ ነው።

በዚያ ሳምንት ሰርች ኮንሶል ከፍቼ ከጉግል ሰው ወደ የትኛው ፔጅ እንደሚገባ አየሁ፣ ቀድሞ ማድረግ የነበረብኝን ማለት ነው። ከ61ዱ ሰው ያመጡት 3 ናቸው። አንደኛው የእንቁጣጣሽ መልካም ምኞት ነው፣ ብዙ ክሊክ አለው፣ ግን ለጓደኛው የሚልከው ቃል የሚፈልግ ሰው ስለሆነ የሚመጣው አንድም መኪና ጠይቆ አያውቅም። ሁለተኛው ስለ ዳናኪል ሙቀትና ምን ይዞ መሄድ እንደሚያስፈልግ፣ ሶስተኛው ያቺው ጥምቀት። እነዚህ ሁለቱ ገበያ አመጡ፣ ኢሜይሎቹን ወደ ኋላ ሄጄ ሳነብ ግማሹ የሚጀምረው ከእነሱ ፔጆች ላይ ያለን ነገር እየጠቀሰ ነው። የቀሩት 58ቱ ያቺን የተሳሳተች ፖስት መልሰን የምናነብበትን ጊዜ ወሰዱብን እንጂ ምንም አልሰጡንም።

ስለዚህ ብሎግ አያስፈልግም ልበላችሁ? አልልም፣ የእትዬን ሳይት ያበላው እኮ ከዚያው ብሎግ የወጡ 2 ጽሁፎች ናቸው። ግን ሁለቱም ዜና አይደሉም፣ ሰው ብር ከመክፈሉ በፊት የሚፈራውን ነገር የሚመልሱ ናቸው። ሩቅ ያለ፣ ቀድሞ ብዙ ብር የሚከፍል፣ ከመወሰኑ በፊት ደጋግሞ የሚጠይቅ ደንበኛ ካለ ጽሁፍ ያስፈልጋል። ሽሮ ሜዳ ቀሚስ ለምትሸጥ ልጅ ግን ብሎግ አትስሩላት፣ ገዢዋ ያለው ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ነው፣ ለእሷ ጉግል ማፕ ላይ ሱቋ በትክክል መገኘቱ፣ ስልኳና የምትከፍትበት ሰዓት መስተካከሉ ይበልጥባታል።

አሁን ወዳንቺ ደንበኛ ልምጣ። የሶላር ውሃ ፓምፕ የሚሸጥ ሰው ነው አልሽኝ፣ ለገበሬና ለአነስተኛ እርሻ። በቃ 2 ሳምንት ስልኩ አጠገብ ደብተር ይቀመጥ፣ ደዋዩ የጠየቀው በራሱ አባባል ይጻፍ። "የት ናችሁ" "ዋጋው ስንት ነው" የሚለው በአንድ መስመር ይመለሳል፣ እሱ የአገልግሎት ፔጁ ላይ ይግባ። "ጉድጓዴ 40 ሜትር ነው፣ ስንት ፓኔል ይበቃዋል?" "ክረምት ደመና ሲሆን ውሃ ይቀንሳል ወይ?" የሚሉት ግን ማብራሪያ ይፈልጋሉ፣ ከተደጋገሙ እያንዳንዳቸው አንድ ጽሁፍ ናቸው። እንደዚህ አይነት ከ5 ያነሰ ካገኘሽ ብሎግ የሚባል ነገር አትክፈቺ፣ ቀን የሌለው ቋሚ ፔጅ አድርገሽ ሜኑ ውስጥ አስገቢው። 12 ካገኘሽ ደግሞ በ15 ቀን አንድ እያልሽ በ6 ወር ትጨርሻለሽ፣ ከዚያ ትቆሚያለሽ። መቆም ነውር አይደለም። ነውሩ ሆም ፔጁ ላይ "የቅርብ ጊዜ ጽሁፎች" ብሎ የ2 ዓመት ቀን ማሳየት ነው፣ ደንበኛው "እነዚህ ሰዎች ተዘግተዋል እንዴ" ይላል፣ እትዬን በስልክ እንደዚያ የጠየቃቸው አለ። ያንን ዊጀት አውጪው።

8 የምትይውንም በሰዓት አስቢው። አንድ የረባ ጽሁፍ ባለሙያውን ማናገር፣ ፎቶ ማንሳት፣ መጻፍና ቁጥሩን ማጣራት አለበት፣ ለኔ 6 ሰዓት ይፈጅብኛል፣ 8 ማለት 48 ሰዓት ነው፣ አንድ ሙሉ የስራ ሳምንት። ያ ሰዓት ከሌለ የሚጠፋው መጀመሪያ ማጣራቱ ነው፣ በኔ ላይ የደረሰው እሱ ነው። እናንተ የዘንድሮ ልጆች ከኛ ይልቅ ታውቃላችሁ፣ እውነቴን ነው፣ ግን የፖስት ካላንደር መሙላት በጣም ትወዳላችሁ፣ የተሞላ ሳጥን ስታዩ ስራ የተሰራ ይመስላችኋል። ጽሁፉን ሳይነኩ ቀኑን ብቻ የሚያድሱም አይቻለሁ፣ ጉግል ራሱ በመመሪያው ይሄን አታድርጉ ብሎ ያስጠነቅቃል።

ጊዜሽን ከአዲስ ፖስት ይልቅ የድሮውን ማደስ ላይ አውዪው፣ መቼ የሚለውንም ነገሩ ራሱ ይነግርሻል። የፓምፑ ዋጋ ከዶላር ጋር ይቀያየራል፣ እሱን በየወሩ እዪው። የፓኔሉ ስሌት ግን አዲስ ሞዴል ካልመጣ በዓመት አንዴ ይበቃዋል። የእትዬን 61 ፖስት ወደ 9 አወረድናቸው፣ አድራሻቸው ላይ የነበረውን ቀን አስወጣን፣ አሮጌውን ሊንክ የያዘ ሰው እንዳይጠፋ ደግሞ `.htaccess` ላይ ወደ አዲሱ መራነው፣ እንዲህ፦

```
Redirect 301 /2014/01/03/timkat-in-gondar/ /timkat-gondar/
```

የተሰረዘው ሁሉ ወደ ሆም ፔጅ አይመራ፣ ተዛማጅ ፔጅ ከሌለው ዝም ብሎ ይጥፋ፣ ሰው የማይገናኝ ቦታ ላይ ሲወድቅ ይናደዳል።

ያቺ የጥምቀት ፔጅ ዛሬም አለች። ተጓዦች ከወራት በፊት ስለሚያቅዱ በየዓመቱ መስከረም 2 ላይ ከፍቼ ቀኑን ከባሕረ ሐሳቡ ጋር አስተያያለሁ፣ እትዬ አሁን ቢያርፉም ልጃቸው ድርጅቱን ይዞታል፣ እሱ ክፍያ ላስብ ሲል እምቢ እለዋለሁ። ቀጣዩ ዘመነ ዮሐንስ 2020 ነው፣ ጥምቀት በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 20፣ 2028 ይውላል። ልጁ የጻፋትን "አንዳንድ ዓመት 20" የምትለዋን ቃል ከሪቪዥኑ አውጥቼ መልሼ አስገብቻታለሁ፣ ስሙም ከላይ እንዳለ ነው።