በወር 3,000 ዶላር የስንት ቤት ይገዛል?

ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ ከሚስቱ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ መጣ። ቡናው ገና ሳይፈላ ስልኩን አውጥቶ አንድ ደብዳቤ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ባንኩ 398 ሺህ ዶላር ፈቀደልን!» ደስ ብሎታል፤ እኔም ደስ አለኝ። «ጎሽ! በወር ስንት ትከፍላላችሁ ታዲያ?» ስለው ግን ሚስቱን አየ። እሷም እሱን አየችው።

እዚህ አሜሪካ ብዙዎቻችን ቤት ፍለጋ የምንወጣው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይዘን ነው። የሚፈቀደው ብድር ይነገረናል፣ በዚያ ዋጋ ቤት እናያለን፣ የወር ክፍያውን የምናውቀው መጨረሻ ላይ ነው። ያን ጊዜ ልብ ቤቱ ውስጥ ገብቶ ወንበር እያስተካከለ ስለሆነ ቁጥር አይሰማም። እኔ የምመክረው ከወር ክፍያው ተነስቶ ወደ ብድሩ መሄድ ነው። ሂሳቡ አንድ ወረቀት አይሞላም።

በመጀመሪያ ባንኩ 398 ሺህ ያለው ከየት አምጥቶ እንደሆነ እንይ። የሁለቱ ገቢ ታክስ ሳይቆረጥ በወር 8,500 ዶላር ነው። ባንካቸው የቤትና የሌላ ዕዳ ክፍያ ተደምሮ ከዚህ እስከ 45 በመቶ ድረስ ይችላሉ ብሎ ወሰደ። ይህ 3,825 ይሆናል። የመኪናቸው ብድር 480 ሲቀነስ ለቤት 3,345 ቀረ። የተቀረው የካልኩሌተር ሥራ ነው። ልብ በሉ፣ ባንኩ የቆጠረው እጃቸው የማይገባውን ገንዘብ ነው። የቀነሰውም ክሬዲት ሪፖርት ላይ ያየውን ዕዳ ብቻ ነው። ለእናት በየወሩ የሚላከው 400 ዶላር እዚያ ላይ የለም። እቁቡም የለም።

እቁብ ላይ ትንሽ ልቁም። እቁቡ ገና ካልደረሰህ ቁጠባ ነው። ደርሶህ ከበላኸው ግን ዕዳ ነው፤ ባንኩ አያየውም እንጂ አንተ እስከ መጨረሻው ዙር ትከፍላለህ። በእቁብ ብር ዳውን ፔይመንት ልትከፍል ካሰብክ ደግሞ ቀደም ብለህ ባንክ አስገባው። አበዳሪው ብዙውን ጊዜ የሁለት ወር የባንክ ስቴትመንት ይጠይቃል። እዚያ ውስጥ በድንገት 10 ሺህ ዶላር ጥሬ ገንዘብ ከታየ «ከየት መጣ?» ይልሃል። እቁብን ለሎን ኦፊሰር ማስረዳት ደግሞ ቀላል አይደለም፤ እኔ ሞክሬዋለሁ።

ወደ ወረቀቱ እንመለስ። የሁለቱ ደሞዝ ታክሱና ሌላው ተቆርጦ እጃቸው ሲገባ 6,500 ገደማ ነው። ሚስትየዋ ስልኳን ከፍታ ያለፉትን ሦስት ወራት ወጪ አነበበችልን። የመኪና ብድር 480፣ የመኪና ኢንሹራንስና ቤንዚን 510፣ ምግብ 850፣ ስልክና ኢንተርኔት 200፣ ለቤተሰብ 400፣ እቁብ 500። ይህ 2,940 ነው፤ 3,560 ይተርፋል። ከዚህ ላይ ለመብራት፣ ለውኃና ለጥገና 350 አስቀመጥን። የኪራይ ቤት ቧንቧ ሲፈነዳ የሚደወለው ለአከራይ ነው፤ የራስህ ሲሆን የሚደወለው ለቧንቧ ሠራተኛ ነው። ለእድር፣ ለሰርግና ለልቅሶ ደግሞ 210። ቀሪው 3,000 ዶላር ሆነ። ይህ የእነሱ ቁጥር ነው። የባንኩ 3,345 ነበር።

አሁን 3,000ውን ወደ ብድር እንቀይረው። ቀላሉ መንገድ 1,000 ዶላር ብድር በወር ስንት እንደሚያስከፍል ማወቅ ነው። ወለዱ 6.5 በመቶ፣ ጊዜው 30 ዓመት ከሆነ ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ ላይ ይህን ጻፍ፦

```
=PMT(0.065/12,360,-1000)
```

6.32 ይልሃል። 1,000 ዶላር ስትበደር ለ360 ወር በየወሩ 6.32 ዶላር ትከፍላለህ ማለት ነው። ወለዱም ዋናውም እዚህ ውስጥ አለ። የእህቴ ልጅ ፈጣን ነው፣ ወዲያው 3,000ን ለ6.32 አካፈለ። «474 ሺህ! ጋሼ፣ ባንኩ ጭራሽ አሳነሰብን እኮ!»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 6.32ቱ ለብድሩ ብቻ ነው። በየወሩ ከአካውንትህ የሚወጣው ክፍያ ግን ሌሎች ተሳፋሪዎችም አሉት፤ ፕሮፐርቲ ታክስ፣ የቤት ኢንሹራንስ፣ ታውንሃውስ ከሆነ ለሰፈሩ ማኅበር የሚከፈለው ኤች ኦ ኤ፣ ዳውን ፔይመንቱ ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ደግሞ ፒ ኤም አይ። ፒ ኤም አይ አንተ የምትከፍለው፣ ባንኩን የሚጠብቅ ኢንሹራንስ ነው።

ከእነዚህ ሁለቱ የብድሩን መጠን አይከተሉም። እነሱ ባዩዋቸው ታውንሃውሶች ኢንሹራንሱ 130፣ ኤች ኦ ኤው 110 ገደማ ነበር። ሁለቱን ከ3,000 እንቀንስ፣ 2,760 ይቀራል።

የሚያስቸግሩት ሌሎቹ ሁለቱ ናቸው። ታክሱ የሚታወቀው የቤቱ ዋጋ ሲታወቅ ነው፤ የቤቱን ዋጋ ደግሞ ገና እየፈለግነው ነው። ሰው እዚህ ሲደርስ በግምት መሙላት ይጀምራል። ግምት አያስፈልግም። እነሱንም በ1,000 ዶላር እንቁጠራቸው። ባየነው አካባቢ ታክሱ በዓመት ከቤቱ ዋጋ 1.1 በመቶ ገደማ ስለነበር ከ1,000 ዶላር ላይ በወር 92 ሳንቲም ይሆናል። ሎን ኦፊሰሩ ለፒ ኤም አይ በዓመት 0.6 በመቶ ብሎ ነበር፤ ይህም ከ1,000 ዶላር ብድር ላይ በወር 50 ሳንቲም ነው። ሦስቱ ሲደመሩ፣ 6.32 እና 0.50 እና 0.92፣ 7.74 ይሆናል። አንድ ሺህ ዶላር ብድር እውነተኛ የወር ዋጋው ይህ ነው።

አንዲት ትንሽ ነገር ቀረች። ታክስ በዳውን ፔይመንቱ ላይም ይከፈላል፤ ካውንቲው የሚያየው የቤቱን ዋጋ ነው እንጂ ብድርህን አይደለም። እነሱ 40 ሺህ ቆጥበዋል። ግዢው ሲፈጸም ለሚመጣው የክሎዚንግ ወጪና ለክፉ ቀን 15 ሺህ አስቀርተን 25 ሺህ ለዳውን ፔይመንት ያዝን። 25 ጊዜ 0.92፣ 23 ዶላር። ከ2,760 ሲቀነስ 2,737። ይህን ለ7.74 ስናካፍል 353.6 መጣ።

የሚችሉት ብድር 353,600 ዶላር ነው። ከዳውን ፔይመንቱ ጋር የ378,600 ዶላር ቤት። ባንኩ ከፈቀደው በ45 ሺህ ገደማ ያንሳል፣ ልጁ በችኮላ ካገኘው ደግሞ በ120 ሺህ።

«እስቲ መልሰህ ደምረው» አልኩት። ለብድሩ 2,235፣ ፒ ኤም አይ 177፣ ታክስ 348፣ ኢንሹራንስና ኤች ኦ ኤ 240። ድምሩ ልክ 3,000 ወጣ። ሁልጊዜ እንዲህ መልሶ መደመር ጥሩ ነው። ካልገጠመ አንዱ ነገር ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል ወይም ተረስቷል።

ኢንተርኔት ላይ ያለ ካልኩሌተርም ይህን ይሠራል። ግን ታክሱ የሚሞላበት ቦታ ላይ ራሱ ያስቀመጠውን ቁጥር አትመኑ። የሻጩንም የታክስ ደረሰኝ አትመኑ። ሜሪላንድ ውስጥ በቤቱ የሚኖር ባለቤት የሚታክስበት ግምት በየዓመቱ ከተወሰነ በመቶ በላይ እንዳያድግ የሚገታ ሆምስቴድ ክሬዲት የሚባል ነገር አለ። ቤቱ ሲሸጥ ያ ይቀራል። ሻጩ 20 ዓመት የኖረበት ከሆነ እሱ የሚከፍለውና አንተ የምትከፍለው ለየቅል ነው። አዲስ የተሠራ ቤት ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ደረሰኝ የመሬቱን ብቻ ሊሆን ይችላል። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ድረ ገጽ ላይ ቤቱን አዲስ ገዢ ሲገዛው የሚመጣውን ታክስ የሚገምት ገጽ አለ። እሱን ተጠቀሙ። ከገዛችሁ በኋላም ሆምስቴዱን ለራሳችሁ አመልክቱ፤ አንዴ ብቻ ነው የሚሞላው።

ይህን የማውቀው በሻጩ ደረሰኝ ላይ ተማምኜ ስለገዛሁ ነው። በሁለተኛው ዓመት ብድሬን ከሚሰበስበው ድርጅት ደብዳቤ መጣ። ወለዴ ቋሚ ነው፣ ክፍያዬ ግን በወር 240 ዶላር ጨመረ። ስደውል ነገሩ እንዲህ ሆነ፦ ታክሱ በወር በ120 ዶላር በልጦ ነበር። ዓመቱን ሙሉ የጎደለውን 1,440 ዶላር እነሱ ከፍለውልኝ ነበርና እሱን በ12 ወር ከፋፍለው ሌላ 120 ጨመሩብኝ። ታክስህንና ኢንሹራንስህን በየወሩ ከአንተ ሰብስበው የሚከፍሉበት ሂሳብ፣ ኤስክሮ የሚባለው፣ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ሲጎድል እጥፍ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ «ወለዱ ቋሚ ነው» ሲሏችሁ ክፍያው ቋሚ ነው ብላችሁ አትስሙ።

ልጁ መኪና ሊቀይርም አስቧል፣ ወሬ ወሬውን ነገረኝ። «ከክሎዚንግ በፊት እንዳታደርገው!» አልኩት። በ7.74 አካፍለው። በወር 480 ዶላር የመኪና ክፍያ ከቤት ብድር 62 ሺህ ዶላር ይበላል። አሁን ባለው መኪና ላይ ሌላ ቢጨምር ባንኩም የፈቀደበትን ደብዳቤ ሊሰርዘው ይችላል።

ሲወጡ አንድ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። አሁን ኪራያቸው 2,150 ነው። ለሦስት ወር ኪራዩን በከፈሉ ቀን 850 ዶላር ሌላ አካውንት ውስጥ ያስገቡ። አንድ ወር እንኳ ከዚያ መልሰው ካወጡ 3,000ው ለእነሱ እውነተኛ ቁጥር አይደለም፤ ዝቅ አድርገው እንደገና ያካፍሉ።

ሐሙስ ማታ ደወለልኝ። ጀርመንታውን ውስጥ 375 ሺህ የተባለ ቤት አይተው ወደዋል። «ወለዱ ግን 6.75 ገባ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ አስላው።»

ዝም አለ፣ ኪቦርድ ሲነካ ይሰማኛል። «6.49... ከሌሎቹ ጋር 7.91። ብድሩ 346 ሺህ። ቤቱ 371።» ትንሽ ቆየና፣ «371 ብለን እናቅርብ ወይስ ከዚያም እንውረድ?» አለኝ። ሚስቱ ከጀርባ «ከዚያም ውረድ!» ስትል ሰማኋት።