ከመኸር በኋላ ወደ ግእዝ መመለስ፦ 412 ካርድ፣ አንድ ስንክሳር እና ስምንቱ የግሥ አርእስት

ጥያቄ፦ «ግእዝ መማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ማታ ማታ የቃላት ካርዶችን በየተራቸው በሚያቀርበው የስልክ አፕ በ AnkiDroid አጠና ነበር፤ ለመኸር ቤተሰብ ዘንድ ወርጄ ስድስት ሳምንት ሳልነካው ቀረሁ። አሁን ስከፍተው ከ500 በላይ ካርድ ቆሞ ይጠብቀኛል። ደግሞ በሦስት ዓመት ምን እንደተማርኩ እንኳ አላውቅም። ሁሉንም አጥፍቼ ከዜሮ ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ?»

እኅቴ፣ አታጥፊው። እኔ አንዴ አጥፍቼዋለሁ፤ እሱን ኋላ እነግርሻለሁ።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ቤተሰቦቼ ግን በቢቸና በኩል ጤፍ ያርሳሉ። ኅዳር ሲገባ እንደ አንቺ እኔም እወርዳለሁ። አንድ ዓመት አጨዳው፣ ክምሩ፣ ውቂያው፣ የጎረቤት ወንፈል መመለሱ ሲደራረብ 38 ቀን ካርድ ሳላይ ቀረሁ። ስልክ ቻርጅ የሚደረገው ገበያ ቀን ብቻ ነበር። ተመልሼ ስከፍተው 412 ካርድ አገኘሁ። ስልኩን መልሼ ኪሴ ከተትኩት፤ ሌላ አራት ቀንም አለፈ። ከካርዱ ይልቅ የከበደኝ የኔታን ማግኘት ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ በር ላለማለፍ በገበያው በኩል ዞሬ ሥራ እገባ ነበር።

ያወጣኝ ካርዱ ሳይሆን አንድ አሮጌ ደብተር ነው። ከ2013 መስከረም ጀምሮ በየወሩ አንድ ቀን እንዲህ አደርጋለሁ፦ የዚያን ዕለት ስንክሳር ግእዙን አወጣና ከትረካው መጀመሪያ 100 ቃል እቆጥራለሁ፤ የማላውቀውን አሰምርና ቁጥሩን ከቀኑ ጋር እጽፋለሁ። ስንክሳር የመረጥኩት በየቀኑ አዲስ ንባብ ስላለው፣ ቋንቋውም ከቀን ቀን ብዙ ስለማይራራቅ ነው። ዳዊት ለዚህ አይሆንም። ብዙዎቻችን ከልጅነት ጀምሮ በቃላችን ስለምንደግመው አፋችን ያውቀዋል፤ ትርጉሙን እናውቅ አናውቅ ግን አይለይም። «ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን» ብዬ ስወርደው ኖሬ፣ እዚያው ላይ ያለው «ወዘኢነበረ» «ያልተቀመጠ» ማለት መሆኑን ያወቅሁት ግሥ ስማር ነው። በአማርኛው «ነበረ» ሰምቼ አልፌዋለሁ። እዚያው መዝሙር ላይ ያለው «ፍኖት»፣ መንገድ ማለት፣ ግን ማንም የእኛ አገር ሰው አይጠፋውም፤ ፍኖተ ሰላም አውቶቡስ መናኸሪያው ላይ ስሙ ይጠራል።

ስትቆጥሪ ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። መግቢያውን «በስመ አብ» እና «በዛቲ ዕለት» የሚለውን፣ መዝጊያውንም «የሀሉ ምስሌነ» ያለበትን ዝለዪው። በየቀኑ ስለሚደጋገሙ ያልተገባ ውጤት ይሰጡሻል። የሰውና የአገር ስምም አትቁጠሪ። ሌላው፣ የማታውቂው ቃል ሁለት ዓይነት ነው። ሥሩን ጭራሽ የማታውቂውን አክብቢው፤ ሥሩን አውቀሽ እርባታው የጠፋብሽን ግን ከግርጌው አስምሪበት። ይህ ልዩነት ኋላ ይጠቅምሻል።

በእኔ ደብተር መጀመሪያ ላይ 58 ተጽፏል። ከመቶ ቃል 58ቱን አላውቅም ማለት ነው። ከዓመት በኋላ 41፣ ካርዱ ከተከመረብኝ መኸር በፊት በነበረው ጥቅምት ደግሞ 26 ሆነ። መንገዱ ቀጥ ያለ አይደለም፤ አንድ ወር ረጅም ገድል ያለበት ቀን ደርሶኝ 44 ወጥቶ ነበር። ስለዚህ አንዱን ወር አልመለከትም፤ የሦስት ወር አማካይ ነው የማየው። አፑ «ይህን ያህል ቀን ሳታቋርጥ» እያለ የሚቆጥረውን ግን ጭራሽ ትቼዋለሁ። አንድ ቀን ስትስቺ ዜሮ የሚሆን ቁጥር በዕውቀትሽ ላይ ምንም አይናገርም፤ ለገበሬ ልጅ ደግሞ ኅዳር በመጣ ቁጥር መርዶ ነው።

ከመኸር በተመለስኩ በአምስተኛው ቀን፣ ካርድ ሳልነካ፣ በመጀመሪያ ያንን ፈተና ተፈተንኩ። 31 ወጣ። ከ38 ቀን በኋላ የጠፋኝ ከመቶ ቃል 5 ብቻ! 412 የሚለው ቁጥር ያስፈራራኝ ስለ ዕውቀቴ ሳይሆን ስለ ሰልፉ ርዝመት እየነገረኝ ነበር። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በራሱ ላይ ሞክሮ ያሳየውም ይህንኑ ነው። የረሳ የመሰለውን ዝርዝር እንደገና ሲያጠናው ከመጀመሪያው ባነሰ ጊዜ ይይዘዋል፤ ትርፉን «ቁጠባ» ብሎ ለካው። አንቺም ካርዱን ከመክፈትሽ በፊት ስንክሳሩን ፈትሺ። የቀድሞ ቁጥር ባይኖርሽም የዛሬው መነሻ ይሆንሻል፤ በሦስት ዓመት ምን እንደተማርሽም ከዚያ ይታይሻል።

አሁን ወደ ልዩነቱ። ከጨመሩት 5 ቃላት ሥሩ የጠፋኝ አንድ ብቻ ነበር፤ አራቱ እርባታ ናቸው። መጀመሪያ የሚላላው እሱ ነው፤ ምክንያቱም አለው። «ይቀትል» ትንቢት ነው፣ ይገድላል። «ይቀድስ» ደግሞ በጽሑፍ ሲታይ ልክ እንደ እሱ ነው፤ ግን ዘንድ ነው፣ ይቀድስ ዘንድ። የቀደሰ ትንቢቱ «ይቄድስ» ነውና። ሁለቱን የሚለየው ግሡ ከስምንቱ አርእስት የየትኛው ቤት እንደሆነ ማወቅ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ በጆሮ የተያዘ እንጂ በካርድ የሚገኝ አይደለም።

የኔታ ዘንድ በመጨረሻ ስሄድ ቁጣ ጠብቄ ነበር። «ጤፉ ገባ?» አሉኝ። «ገብቷል የኔታ» አልኳቸው። «በል እንግዲህ ከቀተለ ውረድ።» ሌላ ነገር አልተነጋገርንም። ስምንቱን አርእስት፣ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማኅረከ፣ ሴሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ፣ እያንዳንዱን በኃላፊ፣ በትንቢት፣ በዘንድና በትእዛዝ አስወረዱኝ። ሁለት ቦታ ተሳሳትኩ፤ አንደኛው ያው ይቄድስ ነው። ከዚያ ወዲህ ከማንኛውም ክፍተት ስመለስ የመጀመሪያውን ሳምንት በየማታው 10 ደቂቃ በድምፅ እነዚህን ስምንት ብቻ እወርዳለሁ፣ ካርድ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። አስተማሪ ከሌለሽ ራስሽን በስልክ ቅጂና አዳምጪ።

የካርዱን ክምር እንዲህ ነው የናድኩት። መጀመሪያ በመፈለጊያው ይህን ጻፍኩ፦

```
is:due prop:ivl<21
```

ይህ ከቆሙት ውስጥ የድግግሞሽ ርቀታቸው ከ21 ቀን በታች የሆኑትን ያሳያል። ከ412ቱ 260ዎቹ እነሱ ሆነው ተገኙ። ማለትም ክምሩን የሠሩት ከመውረዴ በፊት በነበሩት ሳምንታት የጨመርኳቸው ጥሬ ካርዶች ናቸው። አራትና አምስት ወር ርቀት የደረሱት የቆዩት ቃላት አብዛኞቹ ተራቸው ገና አልደረሰም ነበር።

ከዚያ በካርዱ ስብስብ ቅንብር ውስጥ `New cards/day` የሚለውን 0 አደረግሁ፣ `Maximum reviews/day` ደግሞ 50። `FSRS` የተባለው ስሌት በርቶ ስለነበር `Review sort order` ላይ `Descending retrievability` መረጥኩ። ይህ የመጨረሻው ለብዙዎች እንግዳ ይሆናል። ሥራው፣ አሁንም የማስታወስ ዕድልሽ ከፍ ያለውን ካርድ አስቀድሞ ያመጣል። ቀድሞ የተረሳው ካርድ ሁለት ሳምንት ቢጨምር የሚጎድለው ጥቂት ነው፤ ሊረሳ አፋፍ ላይ ያለው ግን ዛሬ ካልታየ ነገ እሱም ይሄዳል። በልቡናም ይረዳል። የመጀመሪያው ቀን ከ50 የሳትኩት 6 ነበር። ክምሩ ሲያልቅ አካባቢ ግማሹን እስት ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ልማዱ ተመልሷል።

በቀን 50 ሲባል 412ቱ በስምንት ቀን የሚያልቅ ይመስላል። አያልቅም። የሳትሻቸው ይመለሳሉ፣ በየቀኑም ተራቸው የደረሰ ሌሎች ይጨመራሉ፤ በእኔ ወደ 20 ገደማ። 19 ቀን ፈጀብኝ፤ በየቀኑ ሩብ ሰዓት። ከዚህ በላይ ልሩጥ ካልሽ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፦ በ2014 አንድ ቅዳሜ ማታ ተቀምጬ 300 ካርድ በአንድ ጊዜ ጨረስኩ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አለፈ። የሳትኳቸው ሁሉ በማግስቱ ተጠራቅመው መጡ፤ ተናደድኩና የካርዶቹን ታሪክ በሙሉ ሰርዤ ሁሉንም አዲስ አደረግኋቸው። ያጠፋሁት ያ ነው። ለሁለት ወር ያህል ስልኩ «ሖረ ማለት ምንድን ነው?» እያለ ሲጠይቀኝ ከረመ። ዘግይቶ የመጣ ካርድ ስታስታውሺው ስሌቱ ያንን መዘግየት ቆጥሮ የሚቀጥለውን ርቀት ያስረዝምልሻል፤ ታሪኩን ከሰረዝሽ ይህን ሁሉ ትጥያለሽ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የረሳሽውን ካርድ ስለ ሐፍረት `Hard` አትበዪው። `Hard` «በጭንቅ አስታወስኩ» ማለት ነው፤ ስሌቱ እንዳወቅሽው ይቆጥረዋል። ከረሳሽ `Again` ነው። ስምንት ጊዜ የሳትሽውን ካርድ አፑ በነባር ቅንብሩ `leech` ብሎ ምልክት ያደርግበታል። እሱን መልሰሽ አታድክሚ፤ ካርዱ ራሱ ተበላሽቷል ማለት ነው። የእኔ «ሠረቀ» እና «ሰረቀ» ነበሩ። በንባብ አንድ ናቸው፣ አንዱ ወጣ፣ ሌላው ሰረቀ። ለየብቻ እያየኋቸው ዓመት ሙሉ ተምታቱብኝ፤ አንዱን «ሠረቀ ፀሐይ» ብዬ ስጽፈው በሳምንት ተለዩ።

ለሚመጣው ኅዳር ደግሞ፣ መኸሩ በድንገት አይመጣምና፣ ከጥቅምት መጀመሪያ ጀምሮ አዲስ ካርድ አቁሚ፤ ያሉትን ብቻ እያየሽ ይብሰሉ። እኔ በቀጣዩ ዓመት እንዲህ አድርጌ 31 ቀን ቆይቼ ስመለስ የጠበቀኝ 170 ነበር።

ስንክሳሩን ዛሬ ማታ ፈትሺና ስንት እንደወጣልሽ እዚሁ ጻፊልን። ካከበብሽው ይልቅ ያሰመርሽበት ከበዛ ካርዱን ለሳምንት ተይውና ከቀተለ ውረጂ።