ከገንዳ ወደ ሐይቅ፦ መጀመሪያ ትንፋሽህን አስለምደው

«የመጀመሪያዬ ትራያትሎን ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። የመዋኘቱ ክፍል ሐይቅ ውስጥ ነው፣ 1500 ሜትር። እኔ ደግሞ ከገንዳ ውጭ ዋኝቼ አላውቅም። ገንዳ ውስጥ ግን 2000 ሜትር ሳላቆም እሄዳለሁ። ሌላ ምን ልዘጋጅ?»

ወንድሜ፣ 2000 ሜትር ሳታቆም ከሄድክ ጉልበት አልጎደለህም። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የመጀመሪያ ውድድሬ 750 ሜትር ብቻ ነበር። «ይቺማ ማሟሟቂያ ናት» ብዬ ገባሁ። 80 ሜትር ሳልሞላ ቆምኩ።

ፊሽካው ሲነፋ ከሰው መሃል ሮጬ ገባሁ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ፊቴን ስነክረው ትንፋሼ ቀጥ አለ፣ ከዚያ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ይሮጥ ጀመር። ዓይኔን ብከፍት የሚታየኝ ቡናማ ነገር ብቻ ነው፤ የገዛ መዳፌ እንኳን አይታየኝም። የዌትሱቴ፣ ማለትም የቀዝቃዛ ውሃ መዋኛ ልብሴ፣ አንገት የሚያንቀኝ መሰለኝ። ከኋላ የመጣ ሰው እግሬን መታኝ። ቀና ብዬ አየር ብስብ ብስብ አይገባልኝም። በመጨረሻ በጀርባዬ ተገልብጬ አንድ የጠባቂ ካያክ ጀልባ ላይ ተንጠለጠልኩ። በነገራችን ላይ ካያክ መያዝ በአብዛኛው ውድድር አያስቀጣም፤ ወደፊት እስካልጎተተህ ድረስ። እኔ ይህን ስለማላውቅ ለመያዝ ራሱ ፈርቼ ነበር። ያንተን ውድድር ደንብ ቀድመህ አንብብ።

ያኔ «ፈሪ ነኝ» ብዬ ደመደምኩ። በኋላ ሳጣራ ግን ግማሹ ነገር የሰውነት ሥራ ነው። ቆዳ በድንገት ሲቀዘቅዝ ሰውነት ሳያስፈቅድህ አየር ይስባል፣ ልብ ይሮጣል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል። በተለይ ውሃው ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን ይበረታል፤ ግን በ27 ዲግሪ ገንዳ ለለመደ ሰው 18ም ቢሆን ያስደነግጣል። በጣም የሚከብደው በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ አካባቢ ነው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ከታገስክ ይለቅሃል። የእኔ ጥፋት እነዚያን ሦስት ደቂቃዎች በሙሉ ፍጥነት ለመዋኘት መሞከሬ ነበር።

ስለዚህ ከስድስቱ ሳምንት መጀመሪያ የምትሰጠው ለዚህ ነው። ሐይቁ ጋ ሂድ፣ ግን ለመዋኘት አይደለም። ከሚጠብቅህ ሰው ጋር ሆነህ እስከ ደረት ድረስ ቀስ ብለህ ግባ። ፊትህን አርጥብ። በአንገትህ በኩል ትንሽ ውሃ ወደ ዌትሱቱ አስገባ፤ ደስ አይልም፣ ግን በኋላ በድንገት ከሚገባ ይሻላል። ከዚያ ዝም ብለህ በጀርባህ ተንሳፈፍ። ትንፋሽህ ወደ ቦታው ሲመለስ ብቻ ፊትህን ነክረህ ረጅም አረፋ አውጣ። አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ ውጣ። ይህን በተለያየ ቀን አምስት ስድስት ጊዜ ካደረግከው ድንጋጤው በግልጽ ይቀንሳል። ልምዱም ቶሎ አይጠፋም፤ ለሳምንታት አብሮህ ይቆያል። የልብ ችግር ወይም የደም ግፊት ካለብህ ግን ሳትገባ ሐኪም ጠይቅ። ይቺን ቀልድ አታድርጋት።

አሁን አየሩ ለምን አልገባልኝም ወደሚለው ልመለስ። ብዙ የገንዳ ዋናተኛ ትንፋሹን ውሃ ውስጥ ይዞ ይቆያል። ቀና ሲል ሁለቱንም አንድ ላይ፣ ማውጣትም ማስገባትም ይሞክራል። ገንዳ ውስጥ ይህ ይሸፈናል፤ በየ25 ሜትሩ ግድግዳው ላይ ትንሽ ታርፋለህ። ሐይቅ ላይ ግን ሳንባህ በአሮጌ አየር ይሞላና «አየር አጣሁ» ትላለህ። የጎደለህ ማውጣት እንጂ መሳብ አይደለም። ለመፈተን ገንዳ ውስጥ ስትሄድ አረፋህን አድምጥ። ፊትህ ከተነከረበት ቅጽበት ጀምሮ ሳይቋረጥ መሰማት አለበት። አፍህ ከውሃ ሊወጣ ሲል ብቻ ቡፍ የሚል ከሆነ ችግሩ እዚያ ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል በየልምምዱ የመጀመሪያውን 400 ሜትር ለዚህ ብቻ ስጠው። ፍጥነት እርሳ።

ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ሌላ ሂሳብ አለ። ገንዳህ 25 ሜትር ከሆነ 1500 ሜትር ማለት 60 ጊዜ መሄድ ነው። 59 ጊዜ ትዞራለህ። በእያንዳንዱ ዙር በእግርህ ገፍተህ ወደ 5 ሜትር ብትንሸራተት 295 ሜትሩን እጅህ አልሠራውም ማለት ነው። ስለዚህ ገንዳ ላይ የያዝከውን ሰዓት ይዘህ ሐይቅ ላይ አትሂድ፣ ትበሳጫለህ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሌኑ ባዶ በሆነ ሰዓት ግድግዳው ሳይደርስ ሁለት ሜትር ሲቀርህ፣ ሳትነካ እዚያው ውሃው ላይ ዞረህ ተመለስ። መጀመሪያ 200 ሜትር ብቻ ሞክር። ክንድህ ከሚገባው በላይ ሲደክምህ ግድግዳው ምን ያህል ሲያግዝህ እንደኖረ ይገባሃል። እኔ ከሦስተኛው መቶ በላይ መቀጠል ያልቻልኩበት ቀን ነበር።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር አቅጣጫ ነው። ገንዳ ውስጥ ከሥርህ ጥቁር መስመር አለ፤ ቀጥ ብለህ የምትዋኝ ይመስልሃል። አይደለህም። ለመፈተን ባዶ ሌን ላይ ዓይንህን ጨፍነህ አሥር ጊዜ እጅህን ወርውርና ክፈት። ቀስ በል፣ የሌኑ ገመድ ይጠብቅሃል። እኔ ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው የምሄደው፤ ስተነፍስ አንዱ እጄ መሃሉን ተሻግሮ ይገባል። አንተም የራስህን ታገኛለህ። ትንሽ ይመስላል፣ ግን በ10 ዲግሪ ብቻ ብትስት በ100 ሜትር ውስጥ 17 ሜትር ያህል ከመስመር ትወጣለህ። ሁለተኛ ውድድሬ ላይ ሰዓቴ 1500 ሜትሩን 1740 አድርጎ ነበር የቆጠረው። ሰዓቱ ራሱ ውሃ ላይ ትንሽ ይስታል፣ ግን ያን ያህል አይደለም።

ስለዚህ ቀና ብሎ ማየት ልመድ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ጭንቅላቱን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ፣ አይቶ፣ እዚያው ላይ መተንፈሱ ነው። ጭንቅላት ሲወጣ ዳሌና እግር ይሰምጣሉ፤ ፍሬን እንደመያዝ ነው። ትክክለኛው እንዲህ ነው። የፊተኛው እጅህ ውሃውን ተጭኖ መሳብ ሲጀምር ዓይንህን ብቻ ከውሃ በላይ አውጣ፤ አፍህ ውስጥ ይቅር። አየህ፣ ወዲያው ፊትህን ወደ ጎን አዙረህ እንደ ወትሮህ ተንፍስ። ማየትና መተንፈስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ አንዱ ሌላውን ይከተላል እንጂ። መጀመሪያ በየስድስት ውርወራው፣ ቀጥ ማለትህን ካረጋገጥክ በየአሥሩ አድርገው። አንዳንዴ ማዕበል ይሸፍንብህና ምንም አታይም። አትቁም፣ ሁለት ውርወራ ጨምረህ ድገመው። ገንዳ ጫፍ ላይ የውሃ ጠርሙስ አስቀምጠህ በየዙሩ ሦስት ጊዜ ማየትን መለማመድ ትችላለህ።

ሐይቁ ላይ የምታየውን ደግሞ ከመነሳትህ በፊት ምረጥ። ውሃው ላይ ያለው ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ተንሳፋፊ ምልክት ከዳር ሆነህ ትልቅ ነው፤ ዓይንህ ከውሃው እኩል ሲሆን ግን ይጠፋል። ከጀርባው ያለ ትልቅ ነገር ያዝ። ረጅም ዛፍ፣ የኮረብታ ጫፍ፣ ሕንፃ። ፀሐይ ፊት ለፊት ከሆነች ጠቆር ያለ መነጽር ካልያዝክ ምንም አታይም።

ዌትሱቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በውድድር ቀን እንዳትለብሰው። በእኔ ላይ አንገቴን ያነቀኝ ጠቦኝ አልነበረም፤ አለባበሴ ነው። ከእግር ጀምረህ ወደ ላይ ሳብ፣ ብሽሽትህ ላይ ክፍተት አይቅር። ከዚያ ከክንድህ ላይ ጨርቁን ወደ ትከሻህ አምጣ። ከታች ያልመጣ ጨርቅ ትከሻህንና ጉሮሮህን ወደ ታች ይጎትታል። እጅህን ወደ ላይ ስትዘረጋ ደረትህ የሚያዝ ከሆነ እንደገና ልበሰው። በምን ዲግሪ እንደሚፈቀድና እንደሚከለከል ከውድድር ውድድር ይለያያል፤ ውሃው ሞቃት ከሆነ ላትለብሰው ስለምትችል ያለ እሱም ጥቂት ቀን ዋኝ። እግርህን ስለሚያነሳልህ ያለ እሱ የተለየ ሰው ነው የምትሆነው።

ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ረዘም አድርገህ ዋኝ። ከዳሩ ጋር ትይዩ ሂድ፣ ቁመትህ በሚደርስበት ጥልቀት። ብቻህን በፍጹም አትግባ። ደማቅ ኮፍያ አድርግ፣ ወገብህ ላይ የሚታሰረውን ተንሳፋፊ ከረጢትም ጎትት። እሱ በጀልባ ያለ ሰው እንዲያይህና ለአፍታ እንድታርፍበት ነው፤ ሕይወት ማዳኛ ጃኬት አይደለም። በአራተኛውና በአምስተኛው ሳምንት ሁለት ሦስት ጓደኛ ይዘህ ትከሻ ለትከሻ ዋኙ። መጋፋት፣ እግር መነካት፣ ፊት ላይ ውሃ መረጨት ሁሉ ቀድሞ ይለመድ። ውሃ ሳትጠጣ ሳል ከጀመረህ፣ ትንፋሽ ካጠረህና ደረትህ ውስጥ እንደ አረፋ ዓይነት ድምፅ ከሰማህ ግን «ይለቀኛል» አትበል። ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ ሲጠራቀም እንዲህ ያደርጋል። ውጣ፣ ሐኪም ጋ ሂድ። ከወጣህ በኋላ ሰውነትህ ለጥቂት ደቂቃ መቀዝቀዙን ስለሚቀጥል እርጥቡን ልብስ ቶሎ ቀይር፤ ወሬው ይደርሳል።

በውድድሩ ቀን ከተፈቀደ ቀድመህ ውሃው ውስጥ ግባና ያን የለመድከውን ተንሳፈፍ፣ አረፋህንም አውጣ። የማይፈቀድ ከሆነ ቢያንስ ፊትህንና አንገትህን አርጥብ። መነሻው ላይ መሃል አትቁም፤ ወደ ጎን ውጣና ሌላው ከሄደ ከአምስት ሰከንድ በኋላ ተነሳ። የመጀመሪያውን 200 ሜትር አያቴ ብታየኝ ታፍርብኝ ነበር በምትለው ፍጥነት ሂድ። ከደነገጥክ በጀርባህ ተገልበጥ፣ ሦስት ረጅም ትንፋሽ አውጣ፣ ቀጥል። እኔ ሁለተኛው ውድድር ላይ 150 ሜትር ገደማ ላይ በጀርባዬ ተገለበጥኩ፣ ሰማዩን እያየሁ እስከ ሃያ ቆጠርኩ፣ ከዚያ ተመለስኩ። ከኋላዬ የነበሩት አለፉኝ። የመጨረሻው ተንሳፋፊ ጋ ስደርስ ግማሾቹን መልሼ አገኘኋቸው፤ መጀመሪያ ላይ እንደ እኔ ሮጠው የገቡት ነበሩ።