ሜትሮኖሙ ሲጠፋ የሚፈጥን እጅ

«ቤዝ ጊታር ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በሜትሮኖም ስለማመድ ልክ ነኝ፣ ሳጠፋው ግን እፈጥናለሁ። ‹ሁለትና አራት ላይ አድርገው› የሚሉኝ ደግሞ አልገባኝም። እንዴት ነው የምትለማመዱት?»

ወንድሜ፣ እኔም እዚሁ ላይ ብዙ ጊዜ ተቸክያለሁ። ሜትሮኖሙ በየምቱ ሲጮህልህ የሚቆጥረው እሱ ነው፤ አንተ ትከተለዋለህ።

በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርገው። በሁለት ክሊክ መሃል አንድ ሰከንድ ሙሉ ባዶ ነው፤ የምትፈጥነውም እዚያ ውስጥ ነው። ጮክ ብለህ «አንድ እና ሁለት እና» እያልክ ቁጠር፣ «እና»ው ልክ መሃል ላይ ይውደቅ። መሃሉ ካልታወቀህ 120 አድርገውና «እና»ውንም ራሱ ይጩህልህ፤ ጥቂት ደቂቃ ሰምተህ ወደ 60 ተመለስ። ስትጫወት በስልክህ ቅዳው። ልክ ስትሆን የቤዝህ ድምፅ ክሊኩን ይውጠዋል። ክሊኩ ከአንተ ኋላ ጠብ ሲል ከሰማህ ቀድመሃል።

ሁለትና አራት ማለት የድራሙ ስኔር የሚመታበት ቦታ ነው፤ ጃዝ ላይ ደግሞ ሃይሃቱ በእግር የሚዘጋበት። ዘፈኑ በ100 የሚሄድ ከሆነ ሜትሮኖሙን 50 አድርገው። ቤዙን ገና አታንሳ። ክሊኩ ሲመጣ «ሁለት»፣ ቀጥሎ ሲመጣ «አራት» በል። ትንሽ ከቆየህ በኋላ መሃላቸው ላይ «ሦስት»ንና «አንድ»ን አስገባ፣ እግርህንም በእነዚያ ላይ ምታ። ይህ ሲረጋጋ ብቻ የኮርዱን ሥር ኖታ «አንድ» ላይ ተጫወት። «አንድ»ን የሚነግርህ ስለሌለ አንተ ነህ የምታስቀምጠው፤ ጥቅሙም እሱ ነው።

መጀመሪያ ላይ መገልበጡ አይቀርም፦ ክሊኩ ሳታውቀው አንድና ሦስት ላይ ይገኛል። እየተጫወትክ ላስተካክል አትበል፣ ቁምና «ሁለት፣ አራት» ከማለት ጀምር። እኔ ሁልጊዜ የምገለበጠው አራተኛው ባር ላይ ነበር። ቀድቼ ስሰማው ለካ መሸጋገሪያዋን ፈጣን ሐረግ ስጫወት ነው የምሮጠው! ያቺን ባር ብቻ ለይቼ በ84፣ ማለትም ሜትሮኖሙን 42 ላይ አድርጌ፣ «እና»ውን በአፌ እየቆጠርኩ ደጋገምኳት። (በቁልፍ የሚጠመዘዘው የድሮው ሜትሮኖም ብዙውን ጊዜ ከ40 በታች አይወርድም፤ ከ80 ለሚያንስ ፍጥነት የስልኩን ተጠቀም።)

አንድ ነገር ልጨምር፣ ችክችካ ላይ ይህን እንዳለ አትውሰደው። እሱ 6/8 ስለሆነ በባሩ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ምት ነው ያለው፣ እያንዳንዱም በሦስት ይከፈላል። መጀመሪያ ክሊኩን ሁለቱም ላይ አድርገህ ውስጡን «አንድ ሁለት ሦስት» እያልክ ሙላው። ከዚያ የሜትሮኖሙን ፍጥነት በግማሽ ቀንሰህ ክሊኩን ሁለተኛው ትልቅ ምት ላይ ብቻ ስማው። እኔን ከአራቱ ምት ይልቅ ያስቸገረኝ ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም ጆሮ ክሊኩን ቶሎ «አንድ» ማድረግ ይወዳል።