ለልጆቹ ሌላ፣ ለወላጆቹ ሌላ፦ በወላጆች ቀን ስለ እብድ ውሻ በሽታ መናገር

ጥያቄ፦ «ጎንደር ውስጥ የመጀመሪያ ደረጃ የሳይንስ መምህርት ነኝ። በወላጆች ቀን ስለ እብድ ውሻ በሽታ ግማሽ ሰዓት ተናገሪ ተብያለሁ። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉ ልጆችና ወላጆቻቸው አንድ አዳራሽ ነው የሚቀመጡት። ለልጆቹ ስናገር ወላጅ ይሰለቻል፣ ለወላጅ ስናገር ልጆቹ ይረብሻሉ። ምን ባደርግ ይሻላል?»

እህቴ፣ የእንስሳት ሐኪም ስለሆንኩ እዚሁ ጎንደርና አዘዞ ባሉ ትምህርት ቤቶች ይህንኑ ርዕስ ብዙ ጊዜ ተናግሬበታለሁ። ግማሽ ሰዓቱን ለሁለት ክፈዪው። መጀመሪያ ልጆቹን አሥር ደቂቃ ያህል አናግሪያቸው፤ ከዚያ አንድ መምህር ወደ ሜዳ ይዟቸው ይውጣና ቀሪው ጊዜ የወላጆች ይሁን። ይህን የምልሽ ስለሚረብሹ ብቻ አይደለም። ወላጅ የግድ መስማት ያለበት ነገር አለ፤ ያው ነገር ልጅ ፊት ሲነገር ግን ልጁን ይጎዳዋል።

በሽታው ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ወላጅ ይህን በግልጽ ካልሰማ «ትንሽ ጭረት ናት» ብሎ ይተዋታል። የሰባት ዓመት ልጅ ግን ከንግግርሽ ሁሉ «የተነከሰ ይሞታል» የምትለዋን ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በማግስቱ ውሻ ቢነክሰው ፈርቶ ይደብቃል። ትልቁ አደጋ መደበቁ ነው። ከንክሻው አንሥቶ ምልክቱ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይወስዳል፤ አንዳንዴ ከዚያም ያጥራል። ትልቅ ሰው በጊዜ ካወቀ ልጁ ታጥቦና ተከትቦ ይድናል። ስለዚህ ለልጆቹ ሞት የሚለውን ቃል አታንሺባቸው።

ለእነሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ውሻ ወይም ድመት ቢነክሳችሁ፣ ቢጭራችሁ፣ ቁስላችሁን ቢልሰው፣ ወዲያው ለትልቅ ሰው ንገሩ።» እያስደገምሽ አስይዣቸው። «ሮጣችሁ ንገሩ» እንዳትያቸው፤ ቀጥሎ የምታስተምሪያቸው ከውሻ ፊት አለመሮጥን ስለሆነ ይምታታባቸዋል። ስለ ቫይረስና ስለ ነርቭ ማውራትም አያስፈልግም፤ «በታመመ ውሻ ለሀጭ ውስጥ በሽታ አለ» ካልሽ ገብቷቸዋል። አሥራ አምስት ደቂቃ መታጠብ የሚለውንም ለወላጆቹ አቆዪው። የትንሽ ልጅ ሥራ መንገር ብቻ ነው።

ምሳሌሽ ልጆቹ በየቀኑ ከሚያዩት ይሁን። ብዙዎቹ እብድ ውሻ ሲባል አፉ አረፋ የሚደፍቅና ጅራቱን የቆለፈ የመንገድ ውሻ ብቻ ይመስላቸዋል። «ቤታችሁ ውሻ ያላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ፤ እጅ በእጅ ይሆናል፣ ሁሉም «ቡቺ! ቡቺ!» እያለ የውሻውን ስም ይጠራልሻል። ለደቂቃ ተያቸው፣ ከዚያ በጭብጨባ ጸጥ አሰኛቸውና «ቡቺም ካልተከተበ ሊታመም ይችላል፤ ቡችላም ቢሆን ቢነክሳችሁ ትናገራላችሁ» በያቸው። ቀጥለሽ የማይነካውን ውሻ ንገሪያቸው፦ ሥጋ ቤት በር ላይ አጥንት የያዘውን፣ የተኛውን፣ የታሰረውን፣ ቡችሎቿን የምታጠባውን።

በዚህ ዕድሜ አምስት ስድስት ደቂቃ ከሰሙ ጥሩ ሰምተዋል። የፊተኞቹ እግራቸውን ማወዛወዝ፣ የኋለኞቹ ጎናቸው ካለው መንሾካሾክ ሲጀምሩ ድምፅሽን አትጨምሪ፤ ሁሉንም አስነሺያቸው። በጥምቀተ ባሕሩ ግንብ ላይ ሥሩን የዘረጋውን ትልቅ ዛፍ የማያውቅ የጎንደር ልጅ የለም። «እንደዚያ ዛፍ ቁሙ» በያቸው፦ እጅ ደረት ላይ ይታጠፋል፣ ዓይን መሬት ያያል፣ አይሮጥም፣ አይጮህም፣ ድንጋይ አይነሣም፤ ውሻው አሽትቶ እስኪሄድ። ከዚያ አንቺ በመካከላቸው እንደ ውሻው ዝም ብለሽ እለፊ። ሜዳ ይዟቸው የሚወጣው መምህርም ይህንኑ ጨዋታ ያስቀጥልላቸው።

አንድ ጊዜ ከዚህ ጨዋታ በኋላ አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ወደ እኔ መጥቶ ሱሪውን ጠቅልሎ ባቱን አሳየኝ። ከሁለት ቀን በፊት የጎረቤት ውሻ ነክሶት ሁለት የጥርስ ምልክት ደርቆ ነበር። ለምን አልተናገርክም ስለው «ድንጋይ ወርውሬበት ስለነበር እማዬ ትገርፈኛለች» አለኝ። እናቱ አዳራሹ ውስጥ ነበረች፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወስዳው ክትባት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የወላጆቹን ክፍል የምጀምረው ስለ በሽታው በመናገር ሳይሆን ቃል በማስገባት ነው፦ «ልጄ ተነከስኩ ብሎ ቢመጣ፣ ጥፋቱ የሱ ቢሆንም እንኳ፣ አልቆጣም፣ አልመታም።» ልጆቹን «ንገሩ» ብለን ልከን፣ ቤት ሲደርሱ ቀበቶ ከጠበቃቸው የተናገርነው ሁሉ ከንቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ሞቱንም ሳታለሳልሺ ተናገሪ፣ ወላጅ ቁጥርና ምክንያት ይሻል። ቁስሉ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ አሥራ አምስት ደቂቃ ይታጠባል። እዚህ ላይ ጀሪካንና ጆግ ይዘሽ ግቢ። የአንድ ሰው እጅ በሳፋ ላይ አስይዘሽ፣ ሰዓት እያየሽ አንዲት ደቂቃ ሙሉ ዝም ብለሽ አፍስሺ። አንዷ ደቂቃ ምን ያህል እንደምትረዝም ያያሉ፤ ቧንቧ በማይመጣበት ቀን ስንት ጀሪካን ማስቀመጥ እንዳለባቸውም ራሳቸው ማስላት ይጀምራሉ። ቁስል ላይ የቡና ዱቄት መነስነስና ነጭ ሽንኩርት ማሸት እንደማይተካው አያይዘሽ ንገሪያቸው።

ውሻው ባለቤት ካለው ወዲያው አይገደል፤ ታስሮ አሥር ቀን ይታይ። በነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስ በለሀጩ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። አሥሩን ቀን ግን ክትባት ሳይጀምሩ መጠበቅ የለባቸውም፤ ውሻው ደህና ከሆነ ሐኪሙ ያቋርጠዋል። መርፌው በአንድ ቀን አያልቅም፤ ብዙ ሰው ቁስሉ ሲደርቅ ቀጠሮውን ይተዋልና ይህን ሁለት ጊዜ ድገሚው።

ጠበልን በተመለከተ አንድ ወላጅ መጠየቁ አይቀርም። አትከራከሪ። «ታጠቡ፣ መርፌውን ጀምሩ፣ ጠበሉንም ጠጡ» በያቸው። ከወላጆቹ መካከል ካህን ካሉ አስቀድመሽ አማክሪያቸው፤ እሳቸው በአንድ ቃል ቢደግፉሽ ከአንቺ ሃያ ደቂቃ ይበልጣል።

ሰዓቱን በተመለከተ ርዕሰ መምህሩን ካርድ ከመታደሉ በፊት እንዲያስገቡሽ ለምኝ። ካርድ ከታደለ በኋላ ዓይኑ ውጤት ላይ ነው፣ ከገጠር የመጣው ደግሞ ወደ ቅዳሜ ገበያ ይቸኩላል። ወላጅ ሲሰለች እንደ ልጅ አይረብሽም፤ ስልኩን ያወጣል ወይም አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል። ያን ጊዜ ንግግሩን አቁመሽ «ከናንተ ሰፈር ማን ተነክሶ ያውቃል?» በይ። አንዷ እናት መናገር ከጀመረች ሁሉም ቀና ይላል።

የመጨረሻው ጉዳይ ከዋዜማው የሚሠራ ነው። ክትባቱ በየጤና ጣቢያው ሁልጊዜ አይገኝም። በዚያ ሳምንት የት እንዳለ ደውለሽ አረጋግጪና የቦታውን ስም በሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፊው፤ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ሲወጡ በር ላይ ቆመሽ በቃል ንገሪያቸው።